መቶኛው ያማረ፣ መሳቢያው የሳሳ፦ የምግብ ቤት ዋጋ አወጣጥ በሰሜን ሸዋ

ምግብ ቤት ከፍቶ ዋጋ ለማውጣት የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጎረቤቱ ጥብሱን ስንት እንደሚሸጥ ማጣራት ነው። ቀጥሎ የሚሰማው ምክር ደግሞ «የጥሬ ዕቃውን ወጪ በሦስት አባዛው» የሚል ነው። ምክሩ የሆቴል ሰዎች ፉድ ኮስት ከሚሉት ስሌት የመጣ ነው፤ በሦስት ማባዛት ማለት ከእያንዳንዱ 100 ብር ሽያጭ ለጥሬ ዕቃ የሚሄደው 33 ብር ገደማ ይሁን ማለት ነውና። በውጭ የሆቴል ትምህርትም ከ28 እስከ 35 በመቶ ያለው ልክ እንደ ጤነኛ ይቆጠራል።

ይህ መቶኛ ወጥ ቤትን ለመቆጣጠር ጥሩ መሣሪያ ነው። ብቻውን ዋጋ ሲያወጣ ግን ያሳስታል፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከተማ ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ምክንያቱም አንዱ ወጥ ቤት ለተማሪውና ለፋብሪካ ሠራተኛው ሽሮ፣ ወደ ደሴ ለሚያልፈው መንገደኛ ጥብስ ያቀርባል፤ ረቡዕና ዓርብ ሲመጣም ዝርዝሩን ከሞላ ጎደል ይቀይራል። ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ ተደርገው የተቀመጡ ምሳሌዎች ናቸው፤ ገበያው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ አንባቢ የራሱን ዋጋ አስገብቶ ስሌቱን ይድገመው።

አንድ ሰሃን ስንት ያስወጣል?

በጥብስ እንጀምር። የበሬ ሥጋ በኪሎ 1,000 ብር ተገዛ እንበል። ሥጋው አጥንቱ፣ ሞራውና ጅማቱ ወጥቶለት ለምጣድ ሲዘጋጅ ከ10 ኪሎ 8 ኪሎ ቢተርፍ፣ የተጣራው ሥጋ ኪሎው የሚያወጣው 1,000 ብር ሳይሆን 1,250 ብር ነው። የተገዛበትን ዋጋ ለ0.8 ማካፈል ማለት ነው። ይህን 0.8 ግን ማንም ከወረቀት ሊያገኘው አይችልም። ሥጋው የገባ ቀን አንድ ጊዜ፣ ተጣርቶ ሲያልቅ አንድ ጊዜ በሚዛን መመዘን፣ ይህንንም ለሦስትና ለአራት ግዢ ደግሞ አማካዩን መውሰድ ያስፈልጋል። ሥጋ ቤቱ ሲቀየር ወይም የሚገዛው ብልት ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል።

አንድ ሰሃን ጥብስ 150 ግራም የተጣራ ሥጋ ቢወስድ ሥጋው ብቻ 187 ብር ከ50 ነው። ዘይትና ቅቤ 20፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሥጋ መጥበሻ 17 ብር ከ50፣ አዋዜ 5፣ ሁለት እንጀራ በ20 ብር ሒሳብ 40 ብር ይሆናል። ድምሩ 270 ብር ነው።

ጥብሱ በ690 ብር ይሸጣል እንበል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ፤ 270ን ለ690 ማካፈል። ምግብ ቤቱ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነና ዋጋው ታክሱን የሚጨምር ከሆነ፣ ከ690 ውስጥ 90 ብሩ የቤቱ ገንዘብ አይደለም። ዋጋው ለ1.15 ሲካፈል 600 ብር ይመጣል፤ 270ም የሚካፈለው ለዚህ ነው፤ ውጤቱ 45 በመቶ። በ690 የሚያካፍል ሰው 39 በመቶ አግኝቶ ተደስቶ ያድራል፤ ልዩነቱ የሚታየው የታክስ ማሳወቂያ ቀን ሲደርስ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ሽሮ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ለአንድ ሽሮ ተጋቢኖ 60 ግራም የሽሮ ዱቄት 15 ብር፣ ዘይት 9 ብር፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም 11 ብር ቢወስዱ ድምሩ 35 ብር ነው። የሚሸጥበት ዋጋ 230፣ ከታክስ በፊት 200 ብር ቢሆን መቶኛው 17.5 ይመጣል። «ሽሮ ትርፍ በትርፍ ነው» የሚለው ወሬ ከዚህ ቁጥር የመጣ ነው። ግን እንጀራው የት ሄደ? እንጀራ በብዙ ቤት የሚመዘገበው ለብቻው፣ እንደ መብራትና ውኃ የቤቱ ጠቅላላ ወጪ ተደርጎ ነው። ሁለቱ እንጀራ ሲገቡ የሽሮው ወጪ 75 ብር፣ መቶኛውም 37.5 ይሆናል፤ ከእጥፍ በላይ። በጥብሱ ላይ ግን ያው 40 ብር መቶኛውን ከ38 ወደ 45 ብቻ ነው የሚያነሳው። እንጀራን መርሳት የርካሹን ምግብ ሒሳብ ከውዱ አብልጦ ያዛባል።

ተጨማሪ እንጀራ ደግሞ አለ። ከሦስት ሽሮ ተመጋቢ አንዱ ሦስተኛ እንጀራ በነፃ ቢወስድ፣ በአማካይ በአንድ ሰሃን 6 ብር ከ67 ይጨመራል። ለእንግዳ እንጀራ መከልከልም፣ ለብቻው ማስከፈልም ስም ያጎድፋል፤ ስለዚህ ጭማሪውን በሰሃኑ ወጪ ውስጥ አስልቶ ዋጋው ላይ ማካተት ይሻላል። የሚያስፈልገው ለአንድ ሳምንት የወጣውን እንጀራ መቁጠርና ለተሸጠው ሰሃን ማካፈል ነው። ከዚህ በኋላ ላለው ስሌት ለቀላልነት ሁለት እንጀራ ብለን እንቀጥላለን።

አምስት ምግብ፣ አሥር የፍስክ ቀን

አሁን ሙሉውን ዝርዝር እንይ። ጾም የሌለበት ወቅት ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ረቡዕና ዓርብ ሲወጡ አሥር የፍስክ ቀን አለ። ምግብ ቤቱ በእነዚህ ቀናት 1,000 ሰሃን ሸጧል። ዋጋውም ወጪውም ከታክስ በፊት ነው። «ተራፊ» ያልነው ከሰሃኑ ዋጋ ላይ የጥሬ ዕቃው ወጪ ሲቀነስ የሚቀረውን ብር ነው።

| ምግብ | ዋጋ | ወጪ | መቶኛ | ተራፊ | የተሸጠ | ጠቅላላ ተራፊ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሽሮ ተጋቢኖ | 200 | 75 | 37.5 | 125 | 390 | 48,750 |
| ጥብስ | 600 | 270 | 45 | 330 | 270 | 89,100 |
| እንቁላል ፍርፍር | 220 | 105 | 47.7 | 115 | 180 | 20,700 |
| ቅቅል | 480 | 265 | 55.2 | 215 | 90 | 19,350 |
| ዶሮ ወጥ | 680 | 370 | 54.4 | 310 | 70 | 21,700 |

ሠንጠረዡን በመቶኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ሽሮን ያሞግሳል፤ ቅቅልንና ዶሮ ወጥን «እያከሰሩን ነው» ብሎ ሊያወጣቸው ይነሳል። በብር የሚያነብ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። አንድ ዶሮ ወጥ የሚያስቀረው 310 ብር የሽሮውን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህላል። ደመወዝና የቤት ኪራይ የሚከፈሉት በብር ነው፤ በመቶኛ የሚቀበል አከራይ እስካሁን አልተገኘም።

ሁሉንም በሦስት እናባዛ ብንል ምን ይሆናል? ሽሮው ታክሱን ጨምሮ 259 ብር ይደርሳል፤ ከ230 ብዙም አይርቅም። ጥብሱ 931፣ ዶሮ ወጡ 1,276 ብር ይገባል። በእኩል ማባዣ ውዱ ምግብ ከገበያው ይወጣል፣ ርካሹ ባለበት ይቆያል። መቶኛውን የግድ ለማውረድ የሚሞክር ባለቤት ደግሞ ዋጋውን መጨመር ሲያቅተው ሥጋውን ይቀንሳል፤ ደንበኛም ይህን ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

ተወዳጁን ከአትራፊው ጋር ለማመዛዘን የሚያገለግለውን ዘዴ በ1982 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማይክል ካሳቫና እና ዶናልድ ስሚዝ ናቸው። ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። አንደኛው ምግቡ ይወደዳል ወይ የሚል ነው። አምስት ምግብ ሲኖር እኩል ድርሻ 20 በመቶ ነው፤ የዚህ 70 በመቶ፣ ማለትም ከጠቅላላው ሽያጭ 14 በመቶ የደረሰ ምግብ ተወዳጅ ይባላል። በእኛ ምሳሌ መስመሩ 140 ሰሃን ነው፤ ሽሮ፣ ጥብስና ፍርፍር ያልፋሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ተራፊው ከአማካይ በላይ ነው ወይ የሚል ነው። ጠቅላላው ተራፊ 199,600 ብር ለ1,000 ሰሃን ሲካፈል አማካዩ 200 ብር ገደማ ይመጣል። ጥብስ፣ ዶሮ ወጥና ቅቅል ከመስመሩ በላይ ናቸው።

ስለዚህ ጥብስ ሁለቱንም ያሟላል። ሽሮና ፍርፍር ይወደዳሉ፣ ግን ጥቂት ብር ያስቀራሉ። ዶሮ ወጥና ቅቅል ብር ያስቀራሉ፣ ግን የሚያዛቸው ጥቂት ነው። ቅቅል በ15 ብር ብቻ ከመስመሩ በላይ መሆኑ ግን መታየት አለበት፤ የበግ ዋጋ ትንሽ ቢጨምር ወደ ታች ይወርዳል። መስመሩ አጠገብ ያለ ምግብ ላይ በአንድ ጊዜ ስሌት ውሳኔ መስጠት አያስፈልግም።

ረቡዕና ዓርብን ለብቻ

ከውጭ የመጣው ዘዴ ያላሰበው ነገር ጾም ነው። የአሥራ አራቱንም ቀን ሽያጭ በአንድ ሠንጠረዥ ማስገባት ቀላል ነው፤ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑም የሚያወጣው እንዲሁ ቀላቅሎ ነው። ውጤቱ ግን የተሳሳተ ይሆናል።

በአራቱ የጾም ቀናት 400 ሰሃን ተሸጧል እንበል፤ የጾም በያይነት 220፣ ሽሮ 150፣ ፓስታ በአትክልት 30። በያይነቱ በ276 ብር ይሸጣል፤ ከታክስ በፊት 240። የምስር፣ የክክ፣ የጎመን፣ የድንችና የሰላጣው ወጪ 52፣ እንጀራው 40፣ ድምሩ 92፣ ተራፊው 148 ብር ነው። ፓስታው 120 ብር ያስቀራል እንበል።

ሁሉንም ስንቀላቅል የ1,400 ሰሃን አማካይ ተራፊ 182 ብር ይመጣል። በያይነቱ 148 ላይ ነውና «ይወደዳል ግን አያተርፍም» ከሚባሉት ጎራ ይገባል፤ ባለቤቱም ዋጋ ለመጨመር ወይም ወጡን ለማሳነስ ይነሳል። የጾሙን ቀን ለብቻው ስናሰላ ግን አማካዩ 137 ብር ነው፤ በያይነቱም በቀኑ ከቀረቡት ምግቦች ሁሉ የበለጠ ሰው የሚያዘውና የበለጠ ብር የሚያስቀር ይሆናል። ሊነካ የማይገባው ምግብ እሱ ነው። በያይነት የሚወዳደረው ከጥብስ ጋር ሳይሆን በዚያው ቀን ሊታዘዝ ከሚችል ሌላ ምግብ ጋር ነው።

ተቃራኒውም ይደርሳል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የመጋቢትን ሪፖርት ከፍቶ ጥብስና ዶሮ ወጥ አልተሸጡም ብሎ የሚያስወጣቸው የለም፤ ግን ጾሙ በወሩ አጋማሽ የጀመረበትን ወር ቀላቅሎ አይቶ «ጥብስ እየቀነሰ ነው» የሚል አለ። በትንሣኤና በጰራቅሊጦስ መካከል ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ በዚያን ጊዜ የጥብስ ቁጥር ስላደገ ዋጋ መጨመርም እንደዚያው ስህተት ነው። ሁለት ሠንጠረዥ፣ አንዱ የፍስክ አንዱ የጾም፣ የሚፈጀው ትርፍ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።

ሽሮውን ምን እናድርገው?

ለሁለቱ ሳምንት ደመወዝ፣ ኪራይ፣ ከሰልና ጋዝ፣ መብራትና ውኃ 168,000 ብር ይወጣል እንበል። ለ1,400 ሰሃን ሲካፈል በሰሃን 120 ብር ነው። ሽሮ 125 ብር ያስቀራል፤ ስለዚህ 5 ብር ብቻ ያተርፋል ማለት ነው? ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ሽሮውን ከዝርዝሩ ለማውጣት ይፈተናል። ግን ሽሮው ቢወጣ ኪራዩ አብሮት አይወጣም፤ ወጥ ሠሪዋም ያው ደመወዟን ታገኛለች። የሚታጣው በፍስኩ 48,750 ብር፣ በጾሙ ደግሞ 18,750 ብር ነው። ይህ ሁሉ ብር ሌላው ምግብ ላይ ተጭኖ ይቀራል። 120 ብሩ የሚጠቅመው በጠቅላላው ቤቱ የት ላይ እንዳለ ለማወቅ እንጂ አንዱን ምግብ ለመክሰስ አይደለም።

ሽሮ በእርግጥ የሚያስከፍለን አንድ ሁኔታ አለ፤ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ጠረጴዛው ሞልቶ ሰው ቆሞ ሲመለስ። ያን ጊዜ የሽሮ ወንበር የጥብስ ደንበኛን ይመልሳል። ጠረጴዛ ባዶ በሆነበት ከሰዓት በኋላ ግን የሚሸጠው እያንዳንዱ ሽሮ 125 ብር ንጹሕ ጭማሪ ነው። ስለዚህ በምሳ ሰዓት በራፍ ላይ ሰው ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውን ለአንድ ሳምንት ማስተዋል ከብዙ ስሌት ይበልጣል።

ዋጋ እንጨምር ካልን የሚጠየቀው ስንት ደንበኛ ብናጣ ነው የማንከስረው የሚለው ነው። ሽሮው ከ230 ወደ 250 ቢወጣ ከታክስ በፊት 217 ብር ከ40 ይሆናል፤ ተራፊው ወደ 142 ብር ከ40 ያድጋል። አሁን የሚገኘውን 48,750 ብር ለማግኘት 343 ሰሃን ይበቃል። ከ390 እስከ 47 ሰሃን፣ ማለትም 12 በመቶ ያህል ቢቀንስ ቤቱ አይጎዳም። ማንም ካልቀረ 6,800 ብር ገደማ ይጨመራል። እዚህ ላይ ሻይና ውኃው መረሳት የለበትም፤ የቀረው ደንበኛ የሚጠጣውንም ይዞ ነው የሚቀረው። ደንበኛው በአብዛኛው ተማሪ ከሆነ 20 ብር ጭማሪ በቀን ሁለት ጊዜ ለሚበላ ሰው ትልቅ ስለሆነ፣ ከ12 በመቶ በላይ መሄዱ አይቀርም ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

የተሻለ መንገድ አለ፤ ቦዘና ሽሮ። በ75 ብሩ ሽሮ ላይ 50 ግራም የተጣራ ሥጋ በ62 ብር ከ50 እና ቅቤ በ7 ብር ከ50 ቢገባ ወጪው 145 ብር ይሆናል። በ368 ብር ቢሸጥ ከታክስ በፊት 320፣ ተራፊው 175 ብር ነው። ከ390 ሽሮ ተመጋቢ 100ው ወደ ቦዘና ቢሸጋገር በአሥር ቀን 5,000 ብር ይጨመራል። ተራው ሽሮ በ230 እንዳለ ስለሆነ የሚቀር ደንበኛ የለም።

አሁን የፉድ ኮስቱን መቶኛ እንየው። ከለውጡ በፊት የአምስቱ ምግብ ጠቅላላ ወጪ 170,800፣ ሽያጩ 370,400፣ መቶኛው 46.1 ነበር። ቦዘና ሲገባ ወጪው 177,800፣ ሽያጩ 382,400፣ መቶኛው 46.5 ይሆናል። መቶኛው ከፍ ብሏል፣ መሳቢያው ውስጥ ግን 5,000 ብር ተጨምሯል። ሥራ አስኪያጁን በመቶኛ ብቻ የሚመዝን ባለቤት ለዚህ ሥራው ይቆጣዋል።

ሽግግሩን የሚያመጣው በብዙ ቤት የታተመው ዝርዝር አይደለም፤ አስተናጋጁ ነው። «ምን አለ?» ሲባል የሚጠራው ቅደም ተከተል ነው የሚታዘዘው። «ሽሮ አለ፣ ፍርፍር አለ…» ብሎ የሚጀምር አስተናጋጅና «ጥብስ አለ፣ ትኩስ ቅቅል አለ፣ ቦዘና አለ…» ብሎ የሚጀምር አስተናጋጅ አንድ ዓይነት ሽያጭ አያመጡም። ቅቅል ለደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ከመረቁ ጋር ሲጠራ ማንም መክሮት አይደለም የሚታዘዘው፤ በቆላው ሸዋ ሮቢት ግን ያው ጥሪ ቀን ላይ ብዙም አይሠራ ይሆናል። ሽሮ የለመደ ሰው ደግሞ «በሥጋ ላድርገው?» ለሚለው አንድ ጥያቄ መልስ መስጠት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ዋጋውን አብሮ መንገር ግን ግዴታ ነው፤ ሳይነገረው 368 ብር የተጠየቀ የ230 ብር ደንበኛ ሁለተኛ አይመጣም።

ስሌቱ ልክ ሆኖ ብሩ ሲጎድል

እስካሁን ያሉት ቁጥሮች እውነት የሚሆኑት በሰሃኑ ላይ በእርግጥ 150 ግራም ሥጋ ከገባ ነው። ጥብስ ጠባሹ በእጁ ሲቆነጥር 180 ግራም ቢያደርገው በሰሃን 37 ብር ከ50 ይሄዳል። በ270 ሰሃን 10,125 ብር ነው። የሽሮ ዋጋ ጨምረን እናገኘዋለን ካልነው የሚበልጥ ብር በጥቂት ጉርሻ ሥጋ ይወጣል። መፍትሔው ጠዋት ሥጋው ሲጣራ በ150 በ150 ግራም መዝኖ በትናንሽ ላስቲክ አድርጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ትዕዛዝ ሲመጣ አንድ ላስቲክ ለአንድ ሰሃን።

መጉደሉን ለማወቅ ደግሞ የተሸጠውንና የወጣውን ማገናኘት ያስፈልጋል። ቦዘና ገና ያልገባበትን ጊዜ፣ የበሬ ሥጋ ለጥብስ ብቻ የሚውልበትን፣ እንውሰድ። 270 ሰሃን በ150 ግራም 40.5 ኪሎ የተጣራ ሥጋ ነው፤ ለ0.8 ሲካፈል 50.6 ኪሎ መገዛት ነበረበት። በመጀመሪያው ቀን የነበረ፣ ሲደመር የተገዛ፣ ሲቀነስ በመጨረሻው ቀን የቀረ 58 ኪሎ ቢሰጥ 7.4 ኪሎ፣ ማለትም 7,400 ብር፣ የገባበት አይታወቅም። ሁልጊዜ ሌብነት ነው ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሚመረመረው የሰሃኑ ክብደት ነው፤ ቀጥሎ የማጣራቱ ውጤት፣ ከ10 ኪሎ 8 የነበረው 7 ሆኖ እንደሆነ። ቀጥሎ የሠራተኛ ምግብ፣ ተመልሶ የመጣ ትዕዛዝ፣ ሳይመዘገብ የወጣ ሰሃን። ጉድለቱ በየቀኑ እኩል ከሆነ መንስኤው በአብዛኛው የሰሃን መጠን ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ብቻ ከፍ ካለ ግን በዚያ ቀን ማን ተረኛ እንደነበረና ሥጋው ከየት እንደመጣ ማየት ነው።

ሥጋ ሲወደድም መቶኛና ብር የተለያየ ዋጋ ያወጣሉ። የሥጋው ዋጋ 10 በመቶ ቢጨምር የጥብሱ ወጪ በ18 ብር ከ75 ያድጋል። 45 በመቶውን ለመጠበቅ ጥብሱ ታክሱን ጨምሮ 738 ብር መግባት አለበት፤ 330 ብር ተራፊውን ለመጠበቅ ግን 712 ይበቃል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋ ደጋግመው መጨመር ግድ የሆነባቸው ቤቶች በመቶኛው ሲሄዱ፣ ወጪው ከጨመረው በላይ ደንበኛው ላይ እየጫኑ ነው የመጡት። በአንድ ጊዜ 26 ብር ትንሽ ይመስላል፤ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ጎረቤቱ ርካሽ ይሆናል።

ዶሮ ወጥ ለብቻው ይታይ። 310 ብር ተራፊ ያልነው ድስቱ ሙሉ በሙሉ ከተሸጠ ነው። አንድ ዶሮ 12 ብልት ወጥቶት ለስድስት ሰሃን ሁለት ሁለት ብልት ይደርሳል፤ ያለ እንጀራው አንድ ሰሃን 330፣ ድስቱ 1,980 ብር ያስወጣል። ስድስቱም ሲሸጡ 1,860 ብር ይቀራል። አራት ተሸጦ ሁለቱ ቢጣል 580 ብር ብቻ ይቀራል፤ በሰሃን 145፤ ሽሮ ከሚያስቀረው በ20 ብር ቢበልጥ ነው። ዶሮ ወጥ በማቀዝቀዣ ማደሩ ይህን ያቃልላል፤ ሰኞ የተረፈው ማክሰኞ ይሸጣል። ማክሰኞ የተረፈው ግን ረቡዕን ዘሎ ሐሙስ ነው የሚደርሰው፤ ሐሙስ የተረፈው ዓርብን ዘሎ ቅዳሜ። ስለዚህ በዚህ ቤት የዶሮ ድስት የሚጣደው ዓርብ ማታ ለቅዳሜና ለእሁድ፣ እንዲሁም እሁድ ማታ ለሰኞ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ላይ በስልክ ቀድሞ ላዘዘ ካልሆነ አይሠራም። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ ድስቱ የሚጣደው ለታዘዘው ሰሃን ብቻ ነው።